ያለ ቃል የመጣ ፎቶ

የፎቶ ቤት ሥራ ድሮ በበር ይገባ ነበር። ደንበኛው ፎቶውን በእጁ ይዞ ይመጣል፣ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ስለ ፎቶው ያወራል። የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሣ፣ ለምን እንዳስፈለገው እየነገረ ሻይ ቀርቦለት ቢሆን እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ሠራተኛውም ከዚያ ሁሉ ወሬ መሀል የሚሠራውን ለቅሞ ያወጣል። አሁን ፎቶው የሚገባው በቴሌግራም ነው። ስልኩ ጥሪውን ያሰማል፣ ምስሉ ይከፈታል፣ ከሥሩ ምንም የለም። ሰላምታም፣ ስምም፣ ትእዛዝም የለም። ላኪው ልኮ ወደ ጉዳዩ ሄዷል፤ በእሱ ቤት ሥራው ተጀምሯል።

እኔ በምሠራበት አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ፎቶ ቤት ያንን ስልክ የምይዘው እኔ ነኝ። ከሚመጡት ፎቶዎች ብዙዎቹ ቃል የላቸውም፤ በዚህም ደንበኛ አይወቀስም። ፎቶውን ሲልክ ዓላማው ለእሱ ፊት ለፊት የቆመ ነገር ነው። የልጁ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የእናቱ ተዝካር፣ የቪዛው ቀጠሮ ልቡ ውስጥ ስላለ ምስሉ ብቻውን የሚናገር ይመስለዋል። እኛ ግን የምናየው ፊት፣ ግድግዳና ጥላ ነው። ይህን ክፍተት የምትሞላው አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። ያቺን ጥያቄ አስተካክሎ መሥራት ስንት ነገር እንደሚጠይቅ ያወቅነው በሥራው ብዙ ከተንገላታን በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ የቤቱ ልማድ አለመጠየቅ ነበር። ደንበኛን በጥያቄ ማሰልቸት ነውር ነው፣ ባለሙያ አይቶ ያውቃል ይባል ነበር። በዚያ ልማድ ላይ እያለን አንድ ምሽት ጥቁርና ነጭ ፎቶ መጣ። ጠርዙ እንደ ድሮ ፎቶዎች የተከረከመ፣ ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን የቆሙበት፣ በመካከሉ የእጥፋት መስመር ያለፈበት ነው። በግራ ያሉት ጋቢ ለብሰዋል፣ መሀል ያሉት ኮት አድርገዋል፣ በቀኝ ያለው ወጣት ነው። ፕላስቲክ ልባጡ ሳይወልቅ በስልክ የተነሣ ስለሆነ አንድ ጥግ ላይ የመብራት ነጸብራቅ አለ። ቃል የለውም።

ፎቶ አዳሹ ባልደረባችን ሲያየው የተጎዳ አሮጌ ፎቶ ነው፤ የተጎዳ አሮጌ ፎቶ ደግሞ ይታደሳል። ሌሊቱን ተቀምጦ እጥፋቱን አጠፋ፣ የቡና ቀለም የመሰለውን ነጠብጣብ አነሣ፣ የሦስቱንም ሰዎች ዓይንና ጸጉር መለሰ። ንጹሕ ሥራ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት መጡና በፍሬም የተቀመጠውን አዩ። ብዙ ዝም አሉ።

«የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሁለቱ እኮ በሕይወት አሉ» አሉኝ።

የፈለጉት መሀል ያሉትን፣ ባለቤታቸውን፣ ለብቻቸው ነው። ነገ አርባቸው ነው። ትልቁ ፎቶ ድንኳኑ ውስጥ ሻማ በርቶለት ይቆማል። ወንድማቸውና የወንድማቸው ልጅ፣ ሁለቱም ለቀስተኛ ተቀባይ የሆኑ ሰዎች፣ ከሟች ጋር አንድ ፍሬም ውስጥ ሆነው ሊቆሙ ነው ማለት ነው። «እትዬ፣ ለነገው ይደርሳል» አልኳቸው። ዋናው ፎቶ የት እንዳለ ስጠይቃቸው ከቦርሳቸው ዳዊት አወጡ፤ በገጾቹ መካከል ተቀምጧል። እዚያው ነበር፣ ከእሳቸው ጋር። ቀደም ብለን ብንጠይቅ ኖሮ ከአንድ ቀን በፊት በእጃችን ይሆን ነበር።

ለምን ዋናው እንዳስፈለገ ልግለጽ፤ የጥያቄው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ምስል ይጨምቀዋል፤ የደረሰን ምስል ረጅም ጎኑ 1280 ፒክሴል ነበር። ሦስት ሰዎች ያንን ስፋት ሲካፈሉት ለመሀለኛው የሚደርሰው ወደ 420 ፒክሴል ነው። ይህ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ ሲለጠጥ በአንድ ኢንች 27 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ፊቱ ተበታትኖ ጭጋግ ይመስላል። ዋናው ፎቶ 9 በ12 ሳንቲ ሜትር ነው። በ1200 ዲፒአይ ስካን ስናደርገው የሰውየው ድርሻ 1890 ፒክሴል ገደማ ሆነ፤ በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ በኢንች 120 ነጥብ ይሰጣል። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ 300 ይፈለጋል፤ ድንኳን ውስጥ ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚታይ ግን 120 ይበቃል። ከዚህ አብልጦ ስካን ማድረግም ዋጋ የለውም፤ የወረቀቱን ቅንጣት ያጎላል እንጂ በፎቶው ላይ ያልነበረ ዝርዝር አያመጣም። ፍሬሙ ሌሊቱን አለቀ፣ ጠዋት ድንኳኑ ደረሰ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ያው አንድ ፎቶ ነው። ሦስቱ እንዳሉ ይታደሱ ቢባል የሰዓታት ሥራ አለው። አንዱ ተለይተው ይደጉ ቢባል ዋናው ፎቶ መምጣት አለበት። እንዳለ ይታተም ቢባል ደግሞ የተላከው ምስል ለ10 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ስለሚበቃ በዚያው ሰዓት ያልቃል። ሦስት መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ በሦስቱም የተለያየ ነው። ጥያቄ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ልማዱ ተለወጠና መጠየቅ ጀመርን። ግን መጠየቅ ብቻውን አላዳነንም። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን እንዲሠራልዎ ይፈልጋሉ?» የሚል ነበር። ትሑት ነው፣ አጭርም ነው። የሚመጣው መልስ ግን «አስተካክሉልኝ»፣ «አሳምሩልኝ»፣ አንዳንዴም ያው ፎቶ በድጋሚ ነበር። ደንበኛው ፎቶ ቤት ምን ምን መሥራት እንደሚችል፣ የሥራዎቹም ስም ምን እንደሆነ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ሜዳው ክፍት ሲሆንበት ወደ እኛው ይመልሰዋል።

ቀጥለን ዝርዝር ላክን። ጉርድ፣ ማሳደግ፣ ማደስ፣ ቀለም ማልበስ፣ ጀርባ መቀየር፣ ላሚኔሽን፣ ፍሬም፣ ባነር፣ አልበም፣ ከነዋጋቸው። ለዚህ የሚመጣው መልስ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ዝምታ ወይም «እሺ»። ከእነዚህ የሚከፋው «እሺ» ነው። ዝምታ ቢያንስ ሥራ አያስጀምርም፤ «እሺ» ግን መልስ ይመስላል። ምርጫ አቅርበህ «እሺ» ከተባልህ፣ ሰውየው የተጠየቀ አልመሰለውም፤ ማስታወቂያ የደረሰው መስሎታል። ይህን ምልክት እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። ለላክነው ጥያቄ «እሺ» ወይም «አዎ» ተብሎ ሲመለስ ደንበኛውን አንወቅስም፤ ጥያቄውን እንደገና እንጽፋለን።

ዝርዝሩን ወደ ሦስት ስናወርደው መልስ መምጣት ጀመረ። ለምን ሦስት? ሁለት ሲሆን ሰውየው የፈለገው ከሁለቱም ውጪ ቢሆን እንኳ ቀረብ የሚለውን ይመርጥና ዝም ይላል። አምስትና ስድስት ሲሆን ደግሞ ያስባል፣ ያማክራል፣ «ማታ እመልሳለሁ» ይላል። ሦስት በስልክ መስኮት ላይ ጣት ሳይንሸራተት አንድ ጊዜ ይታያል፤ የመጨረሻው ሲነበብ የመጀመሪያው ገና አልተረሳም።

ነገር ግን ሦስቱን አንድ ጊዜ ጽፈን ለሁሉም ፎቶ መላካችን ሌላ ጣጣ አመጣ። «1. ጉርድ ለፓስፖርት፣ 2. ማሳደግ፣ 3. ማደስ» የሚል መልእክት ተቀምጦ ነበር፤ ፎቶ ሲመጣ ይላካል። አንድ ሰው የእናቱን ፎቶ ላከ። ነጠላ ያጣፉ፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ናቸው። የእኛ ጥያቄ ሄደ። ሰውየው ጽሑፍ አልመለሰም፤ ደወለ። «እናቴ ካረፈች ሰነበተች፤ ፓስፖርት ምን ያደርግላታል?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ኀዘን ነበር። ፎቶውን ማንም ሳያየው መልስ እንደተላከለት ገብቶታል። የተቀመጠውን መልእክት በዚያው ቀን ከስልኩ አጠፋነው።

ከዚህ በኋላ የያዝነው ሕግ ይህ ነው። ሦስቱ ምርጫዎች ከፎቶው ውስጥ ይወጣሉ። ፎቶውን አስፍቼ አያለሁ። ስንት ሰው አለ? ፊት ለፊት የቆመ ነው ወይስ በአጋጣሚ የተነሣ? ጀርባው ነጭ ግድግዳ ነው ወይስ ሳሎን? ወረቀቱ ተቀዷል? ይህን ካየሁ በኋላ ይህን ፎቶ የሚልክ ሰው ሊፈልጋቸው የሚችሉ ሦስት ፍጻሜዎች ይታዩኛል። ለሦስቱ ሰዎች ፎቶ ዛሬ ቢመጣ የምንልከው ይህን ነው።

«ሦስት ሰዎች የቆሙበት ፎቶ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። የትኛውን እንሥራልዎ?
1. መሀል ያሉትን ለብቻ አውጥተን ማሳደግ
2. ሦስቱም እንዳሉ ሆነው እጥፋቱንና ነጠብጣቡን ማጥፋት
3. ምንም ሳይነካ እንዳለ ማተም
ቁጥሩን ብቻ ይላኩ፤ ሌላ ከሆነ በድምፅ ይንገሩን።»

እያንዳንዱ ቃል ምክንያት አለው። «ሦስት ሰዎች የቆሙበት» የሚለው ፎቶውን ሰው እንዳየው ያሳያል፤ ብዙ ፎቶ ለላከ ደንበኛም ስለ የትኛው እንደምንጠይቅ ይለይለታል። «መሀል ያሉትን» አልን እንጂ «አባትዎን» አላልንም፤ ዝምድና ከፎቶ አይነበብም። «ለአርባ» ወይም «ለተዝካር» ብለን አንጽፍም፤ ሰውየው በሕይወት ቢኖሩ ትልቅ ድፍረት ነው፣ ዐርፈው ከሆነም ይህን መናገር የቤተሰቡ ነው። ላኪው ወንድ ይሁን ሴት፣ ትልቅ ይሁን ወጣት ስለማናውቅ በአክብሮት እንጽፋለን። ምርጫዎቹ የሚያወሩት በእጅ ስለሚገባው ነገር ነው፤ «ሪታች»ና «ክሮፕ» የእኛ የጓዳ ቃላት ስለሆኑ እዚያው ይቀራሉ። የመጨረሻው መስመር ደግሞ በር ነው። ሦስቱም ምርጫዎቻችን ስተው ከሆነ ሰውየው በድምፅ ይነግረናል፤ ጣታቸው ለመጻፍ የሚከብዳቸው አዛውንት በዚህ መስመር ነው የሚያገኙን።

ሦስቱ እርስ በርስ እንዳይደራረቡም እንጠነቀቃለን። አንድ ጊዜ «ማጽዳት» እና «ማደስ» ለየብቻ ተጽፈው ነበር፤ መልሱ «ሁለቱንም» ሆነ። ለእኛ ልዩነት አላቸው፣ ለደንበኛው ግን አንድ ነገር ናቸው። መፈተኛችን ቀላል ነው። 1 ሲባል እና 2 ሲባል እኛ ቀጥለን የምናደርገው ነገር አንድ ከሆነ ሁለቱ አንድ ምርጫ ናቸው፤ ይዋሐዳሉ፣ ቦታውም ለሌላ ይለቀቃል።

ሌላው የሚያጓጓ ፈተና ሁሉንም ባንዴ መጠየቅ ነው። መጠኑስ? ስንት ኮፒ? ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ይሁን? መቼ ይደርሳል? እነዚህ ሁሉ መጠየቅ አለባቸው፣ ግን ከቁጥሩ በኋላ። ሰዎች ከብዙ ጥያቄ መሀል የቀለላቸውን መርጠው ይመልሳሉ። «ሁለት ኮፒ» ብለው ምን እንደሚታተም ሳይነግሩን ይቀራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት መንገዱን ብቻ ይለያል። «1» ብሎ ከመለሰ ቀጥሎ የሚሄደው «ገባን፤ መሀል ያሉት ለብቻቸው ይወጣሉ። ዋናውን ፎቶ ይዘው መምጣት ይችላሉ?» የሚለው ነው። መልሱን በራሳችን ቃል መድገማችን ጣቱ ስቶ 2ን 1 ብሎ ለነካ ሰው የመመለሻ ዕድል ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው የዲቪ ወቅት ነው። መኸር ሲገባ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆሙ ወጣቶች ፎቶ ይዘንባል፤ ሁሉም ያለ ቃል። አንድ ወጣት ልኮልን ነበር። ፊቱ ላይ ጥቂት ብጉር አለ፣ መነጽር አድርጓል። ግምት ምን ይላል? ብጉሩን አጥፋ፣ ፊቱን አጥራ፣ አትም። ፎቶው ለቤቱ ግድግዳ ከሆነ ይህ ጥሩ ሥራ ነው። ለዲቪ ከሆነ ግን ጉዳት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለዲቪና ለቪዛ በኮምፒውተር ፊቱ የተነካካ ፎቶ አይቀበልም። ከኅዳር 2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ መነጽርም አይፈቀድም። ፎቶው ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሣ፣ አራቱም ጎኑ እኩል፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክሴል፣ ፋይሉም ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት። ለሸንገን ቪዛ ከሆነ ደግሞ 35 በ45 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታተማል። አንዱ ፋይል ነው፣ ሌላው ወረቀት ነው፤ አንዱ እኩል ጎን አለው፣ ሌላው ቁመቱ ይበልጣል።

ለዚያ ወጣት የሄደው ጥያቄ ይህ ነበር። «ነጭ ግድግዳ ፊት የተነሡት ፎቶ ደርሶናል። ለምን እናዘጋጀው? 1. ለዲቪ፣ በፋይል 2. ለሌላ ቪዛ ወይም ለፓስፖርት፣ ታትሞ 3. ለማስታወሻ፣ አሳምረን። ቁጥሩን ብቻ ይላኩ፤ ሌላ ከሆነ በድምፅ ይንገሩን።» «1» ብሎ መለሰ። እኛም «ለዲቪ መነጽር አይፈቀድም፤ ያለ መነጽር እንደገና ተነሥተው እንደ ፋይል ይላኩልን» አልነው። በዚያው ቀን ላከ። ጥያቄው ባይቀድም ኖሮ ከነመነጽሩ ቆርጠን 600 በ600 አድርገን እንሰጠው ነበር፤ ልኬቱ ትክክል ስለሚሆን ስህተቱን እሱም እኛም አናየውም። ልኬቱን የሚያሟላ ግን የማያገለግል ፎቶ ከሁሉ ይከፋል፤ እስኪወድቅ ድረስ ደኅና ይመስላል።

ጥያቄው ሁልጊዜ ያስፈልጋል ማለት ግን አይደለም። ፎቶው ራሱ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ከኤምባሲ ቅጽ ላይ የመጠን ዝርዝሩን በስክሪንሾት ከፎቶው ጋር የላከ ሰው ነግሮናል፤ መልሶ መጠየቅ ማድከም ነው። ትላንት «ለዲቪ ነው» ብሎ ያስረዳና ዛሬ ሌላ ፎቶ የላከ ሰውም ለትላንቱ ነው የሚልከው። እንዲሁም ስህተቱ በአንድ ደቂቃ የሚመለስ ሲሆን ሠርቶ ማሳየት ከመጠየቅ ይሻላል፤ ተጣሞ የተላከን ፎቶ ለማቅናት ፈቃድ አይጠየቅም። የምንጠይቀው በግምት ብንሄድ ወረቀት፣ ሌሊት፣ ቀጠሮ ወይም የሰው ልብ የሚባክን ሲሆን ነው።

ጥያቄው የማይፈታውም አለ። መልስ የማይሰጥ ሰው አለ። ለእሱ አንድ ጊዜ ብቻ እንደውላለን፤ ካልተነሣ ሥራው አይጀመርም፣ ፎቶው ግን ዋናው ሳይነካ ተቀድቶ ይቀመጣል። ለሌላ ሰው ተልኮ የሚልክም አለ፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣለትን ወደ እኛ የሚያሳልፍ። እሱ ራሱ መልሱን አያውቀውም። ለዚህ ሰው የጥያቄው ማጠር ይጠቅመዋል፤ እንዳለ ቀድቶ ወደ ባለጉዳዩ ያሳልፈዋል፣ ቁጥሩም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

አንባቢ ሆይ፣ ፎቶ ቤትም ይሁን ልብስ ሰፊ፣ መሐንዲስም ይሁን የግብርና ባለሙያ፣ ያለ ቃል ፎቶ የሚደርስህ ከሆነ መጀመሪያ ፎቶውን አስፍተህ እይ። ያየኸውን በአንድ ሐረግ ንገረው፤ በእጁ ሊገባ የሚችለውን ሦስት ነገር በቁጥር አስቀምጥለት፤ ለአራተኛው በሩን ክፈትለት። መልሱ እስኪመጣ የማይመለስ ነገር አትጀምር። ላኪ ከሆንህ ደግሞ ከፎቶው ሥር ሁለት ቃል ጻፍ፤ «ለዲቪ» ወይም «መሀል ያሉትን ብቻ» ካልህ ይበቃል።